አዳማ ላይ የማይጠፋ ስልክ አሰላ ሲደርስ ለምን ይጠፋል?

ጥያቄ፦ «ሰላም ወንድሜ። የምኖረው አዳማ ነው፤ እህል ነጋዴ ነኝ። በሳምንት ሁለቴ በሌሊት ተነስቼ ወደ አሰላ እወጣለሁ። ሦስት ዓመት የሠራሁበት አንድሮይድ ስልክ አለኝ። አሰላ መጋዘን ገብቼ ጆንያውን በፍላሽ ፎቶ ላንሳ ስል፣ 40 ፐርሰንት እያሳየ ድርግም ይላል። ቻርጀር ስሰካው ወዲያው ይነሳና 37 ወይም 38 ይላል። አዳማ ስመለስ ግን እስከ 10 ፐርሰንት ድረስ ያለ ችግር ይሠራል። አንድ ልጅ ሶፍትዌር ነው ብሎ ፎርማት አድርጎብኝ ፎቶዎቼን ሁሉ አጣሁ፤ ችግሩ ግን እንዳለ ነው። ሌላው ደግሞ ቦርዱ ነው አለኝ። ልጣለው ወይስ ይድናል?»

መልስ፦

እህቴ፣ አትጣዪው። ያረጀው ባትሪው ነው። ስልኩን ሳላየው እንዲህ መድፈሬ አይግረምሽ፤ ምልክቶቹን ራስሽ ነግረሽኛል። የሚጠፋው ፍላሽ ሲበራ ነው። የሚጠፋው ብርድ ላይ ነው። ቻርጀር ሲነካው ደግሞ ሳይውል ሳያድር 38 ብሎ ይነሳል። እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሲገኙ ሌላ ነገር መጠርጠር ይከብዳል።

ሱቄ የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «40 ፐርሰንት ካለው ለምን ይጠፋል? ቁጥሩ ይዋሻል ማለት ነው?» ብዙ ጊዜ አይዋሽም። 40 ፐርሰንቱ ባትሪው ውስጥ አለ። ችግሩ ባትሪው ያለውን ቶሎ ማውጣት አለመቻሉ ነው።

ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ አስቢ። ሮቶው እስከ ግማሹ ውሃ አለው። ቧንቧው ግን አርጅቶ ውስጡ በዝገትና በነጭ ድንጋይ ተደፍኗል። የእጅ መታጠቢያውን ብቻ ስትከፍቺ ውሃው ደህና ይመጣል። ሻወሩንም፣ የወጥ ቤቱንም አንድ ላይ ስትከፍቺ ግን ሻወሩ ጠብ ጠብ ይልና ቀጥ ይላል። ወጥተሽ ሮቶውን ብታዪ ውሃው አላለቀም። ሁሉንም ዘግተሽ ትንሽ ቆይተሽ አንዱን ብትከፍቺ ደግሞ እንደገና ይወርዳል። ፐርሰንቱ የሮቶው ከፍታ ነው። የቧንቧውን ሁኔታ የሚያሳይ ቁጥር ስክሪንሽ ላይ የለም።

በባትሪ ቋንቋ ቧንቧውን ያጠበበው ነገር የውስጥ ሪዚስታንስ ይባላል። አዲስ ባትሪ ላይ ትንሽ ነው። እያረጀ ሲሄድ ያድጋል፤ ሲበርደው ደግሞ የባሰ ያድጋል። የአንቺን ነገር ለማስረዳት ቁጥር ላስገባበት። ቁጥሮቹ የአንቺ ስልክ ተለክቶ የተገኙ አይደሉም፤ በዚህ ዕድሜ ያሉ ባትሪዎች ላይ ከማያቸው ጋር የሚቀራረቡ ናቸው።

40 ፐርሰንት ላይ ያለ የስልክ ባትሪ ምንም ሳይሠራ ተቀምጦ 3.78 ቮልት አካባቢ ይኖረዋል። ስልኩ ደግሞ ቮልቱ ከ3.3 ገደማ በታች ከወረደበት መሥራት አይችልም፤ ራሱን ያጠፋል። ቁርጡ ከስልክ ስልክ ትንሽ ይለያያል። ዋናው ነገር ግን በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ክፍተት ግማሽ ቮልት እንኳ አለመሙላቱ ነው።

አሁን ካሜራውን ከፈትሽ። ስክሪኑ በርቷል፣ ካሜራው እየሠራ ነው፣ ኔትወርኩ አንቴና እየፈለገ ነው፣ በዚያ ላይ ፍላሹ ቦግ አለ። ሁሉም በአንድ ቅጽበት 2 አምፔር ይጠይቁ እንበል። ባትሪው ይህን ሲሰጥ ቮልቱ ይወርዳል። የሚወርደው አምፔሩን በሪዚስታንሱ ስታበዢው የሚመጣውን ያህል ነው። ያረጀው ባትሪሽ አዳማ ሙቀት ላይ ሪዚስታንሱ 0.17 ኦም ቢሆን፦

```
3.78 − (2 × 0.17) = 3.44
```

ከ3.3 በላይ ነው። ስልኩ ፎቶውን ያነሳል፤ አንቺም ምንም አይታወቅሽም። ያው ባትሪ አሰላ ላይ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ቅዝቃዜ ውስጥ፣ ሪዚስታንሱ ወደ 0.27 ከፍ ቢል ደግሞ፦

```
3.78 − (2 × 0.27) = 3.24
```

ከ3.3 በታች ገባ። ድርግም። ፍላሹ የሚበራው ለአንድ ሰከንድ እንኳ አይደለም፤ ቮልቱ እንዲዘቅጥ ግን ያቺ ቅጽበት ትበቃለች። ስልኩ «አሁን ይመለሳል» ብሎ አይጠብቅም።

አዳማ ላይ እስከ 10 ፐርሰንት የሚደርስበትም ምክንያት እዚሁ ሂሳብ ውስጥ አለ። 10 ፐርሰንት ላይ ባትሪው አርፎ 3.68 ገደማ ይኖረዋል። ከዚያ 0.34 ሲቀነስ 3.34 ይቀራል። ለጥቂት አመለጠ ማለት ነው። አዳማ ላይም ቢሆን ስልክሽ ጤነኛ አይደለም፤ ሙቀቱ ሸፍኖለት ነው። ባትሪው አዲስ ቢሆን ኖሮ አሰላ ብርድ ላይ እንኳ ሪዚስታንሱ 0.12 አካባቢ ይሆንና፣ ፍላሹ በርቶ ቮልቱ ከ3.5 በታች አይወርድም ነበር።

ከአዳማ አሰላ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዳገቱ ግን ከ700 ሜትር በላይ ነው። ዴራን አልፈሽ ኢተያ ስትደርሺ ጋቢ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሰው ጋቢ ይለብሳል፤ ስልኩ ግን መኪናው ውስጥ መስታወቱ ስር ተቀምጦ ይሄዳል። በረንዳ ላይ ሚዛን አጠገብ ይቀመጣል። የብረት ጣሪያ ያለው መጋዘን ውስጥ ይገባል። ባትሪው ከደረትሽ ርቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው እንግዲህ ትልቁን ሥራ የምታዢው።

ቻርጀር ስትሰኪው ለምን ወዲያው 38 ብሎ ይነሳል? ስልኩ ከጠፋ በኋላ ባትሪው ላይ ሸክም የለም። ቮልቱ ተመልሶ ወደ 3.7 ምናምን ይወጣል። ቻርጀሩ ደግሞ ከውጭ ጉልበት እየጨመረ ስለሚያግዝ ስልኩ ሲነሳ ቮልቱ አይዘቅጥም። ባዶ ባትሪ ቢሆን ኖሮ ቻርጀር ሰክተሽ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 38 ሊል አይችልም። ስለዚህ ያ 38 የሚባለው ቁጥር ትልቅ ማስረጃ ነው።

ቻርጀር ሲሰካበት 2 ወይም 3 ፐርሰንት ብሎ የሚነሳ ስልክም አለ። እሱ የተለየ በሽታ ነው። እዚያ ባትሪው የምር ባዶ ነበር፤ የሚያሳየው 40 ግን ስህተት ነበር። ስልኩ ውስጥ ቻርጁ ሲገባና ሲወጣ የምትቆጥር ትንሽ ቺፕ አለች። ባትሪው አርጅቶ የሚይዘው መጠን በጣም ሲቀንስ ቆጠራዋ ይምታታል። እንዲህ ያለውን ስልክ አንዴ እስኪጠፋ ተጠቅሞ፣ ከዚያ ሳያቋርጡ እስከ 100 መሙላት ቁጥሩን ሊያስተካክለው ይችላል። «ካሊብሬት አድርጊው» የሚሉሽ ይህን ነው። የአንቺ ስልክ ላይ ግን ጥቅም የለውም። ቁጥሩ ሳይሳሳት ቁጥር ማስተካከል ምን ይሠራል? ፎርማት ማድረጉም እንደዚሁ ነው። የጠበበ ቧንቧ በፎርማት አይሰፋም። ስለ ፎቶዎችሽ ግን በጣም አዝናለሁ።

ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት ግን ቤትሽ ሆነሽ አረጋግጪ። ስልኩ 35 እና 40 መካከል እስኪደርስ ጠብቂ። ጠዋት በማለዳ፣ አዳማም ቀዝቀዝ በሚልበት ሰዓት ይሁን። የስክሪኑን ብርሃን እስከ መጨረሻው ክፈቺና ፍላሹን አብርተሽ ቪዲዮ ቅረጪ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይሂድ። ከጠፋ፣ ቻርጀር ሰክተሽ አስነሺውና ቻርጀሩ እንደተሰካ ያንኑ ቪዲዮ በዚያው ብርሃን፣ በዚያው ፍላሽ እንደገና ቅረጪ። ያለ ቻርጀር የሚጠፋ፣ በቻርጀር ግን የማይጠፋ ከሆነ ባትሪው ነው። በቻርጀርም ያው ከሆነ ሌላ ነገር መፈለግ አለብን፤ ወደሱ እመለሳለሁ።

ቁጥር ማየት ከፈለግሽ የባትሪ ቮልቴጅ የሚያሳዩ ነጻ አፖች አሉ። ሳትነኪው ተቀምጦ `3780 mV` የሚል ስልክ፣ ቪዲዮና ፍላሽ ሲሠሩ ወደ `3450 mV` ከወረደ ባትሪው ደክሟል። አዲስ ባትሪ በዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ ከ0.2 ቮልት በላይ አይወርድም። አፑ ቁጥሩን የሚያድሰው ቀስ ብሎ ስለሆነ የፍላሽ ፎቶዋን ቅጽበት አይዛትም። ቪዲዮ አስቀርጪው ያልኩሽም ለዚህ ነው፤ ሸክሙ ሳይቋረጥ ይቆያል።

አንድ ነገር አደራ፦ እነዚህ አፖች ላይ `Health: Good` የሚል ጽሑፍ ታያለሽ። እሱን አትመኚው። አንድሮይድ ያንን ቃል የሚቀይረው ባትሪው ከልክ በላይ ሲሞቅ፣ ሲቀዘቅዝ፣ ቮልቱ ሲያልፍ ወይም ጨርሶ ሲሞት ነው። እርጅናን አይለካም። በየቀኑ 50 ፐርሰንት ላይ እየጠፋ `Good` የሚል ስልክ ስንቱን አይቻለሁ።

አይፎን ላይ ነገሩ የተሻለ ነው፤ ታሪክም አለው። አይፎን 6 እና 6ኤስ የያዙ ሰዎች ልክ የአንቺን ዓይነት ችግር ገጥሟቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2017 አፕል የለቀቀው `iOS 10.2.1` ባትሪው ያረጀውን ስልክ ፍጥነት ቀንሶ እንዳይጠፋ ያደርገው ጀመር። ስልኩ ሲዘገይ በአንድ ቅጽበት የሚጠይቀው አምፔር ይቀንሳል፤ ቮልቱም አይዘቅጥም። ሰዉ የተቆጣው ኩባንያው ይህን በግልጽ የተናገረው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ በመሆኑ ነው። ከዚያ ባትሪ መቀየሪያውን ወደ 29 ዶላር አወረዱት፣ በ2018 መጋቢት ላይ ደግሞ `Battery Health` የሚለውን ገጽ ጨመሩ። እንግዲህ ያ ሁሉ መሐንዲስ ያለው ድርጅት እንኳ በሶፍትዌር ማድረግ የቻለው ስልኩን ማዘግየት ብቻ ነው። ባትሪውን በሶፍትዌር ማደስ አልቻለም።

ባትሪሽ ለምን በሦስት ዓመት እንዲህ ሆነ ካልሽ፣ መልሱ ግማሹ ዕድሜ፣ ግማሹ አዳማ ነው። ባትሪው ውስጥ አንደኛው ወገን ግራፋይት ነው፤ የመጻፊያ እርሳስ ውስጥ ያለው ዓይነት ጥቁር ነገር። ከመጀመሪያው ቻርጅ ጀምሮ ግራፋይቱ ላይ ስስ ሽፋን ይበቅላል። መጀመሪያ ይጠቅማል፤ ባትሪውን ይጠብቃል። ግን ማደጉን አያቆምም። እየወፈረ በሄደ ቁጥር በሱ ውስጥ የሚያልፈው ቻርጅ ይቸገራል። የሮቶው ቧንቧ ላይ እንደሚጋገረው ነጭ ድንጋይ ማለት ነው። ይህን ሽፋን የሚያፋጥኑት ሁለት ነገሮች ሙቀትና ሙሉ ቻርጅ ናቸው። ሁለቱ ሲገናኙ የከፋ ነው፦ 100 ሞልቶ፣ ቻርጀር ላይ እንደተሰካ፣ ፀሐይ በመታው ዳሽቦርድ ላይ።

ነገሩ የሚያስቅ ነው። ባትሪውን የገደለው የአዳማ ሙቀት ነው፤ ሬሳው የሚወጣው አሰላ ላይ ነው። ተወቃሹም የአሰላ ብርድ ይሆናል።

አንድ የባጃጅ ሾፌር ደንበኛ ነበረኝ፤ የሱን ልንገርሽ፤ አዲስ ባትሪ ስትገዢ ይጠቅምሻል። ስልኩን ቀኑን ሙሉ ከመሪው አጠገብ በፀሐይ ሰቅሎ፣ ቻርጀር እንደሰካ ይሠራል። ስልኩ 60 ፐርሰንት ላይ ይጠፋበት ጀመር። አንድ ቦታ ሄዶ ባትሪ አስቀየረ። ለሁለት ሳምንት ትንሽ ተሻለው፤ ከዚያ ያው ሆነ። እኔ ጋ ሲመጣ «ባትሪ አይደለም፤ ባትሪማ አዲስ ነው፣ ቦርዱን እይልኝ» አለ።

ቦርዱን አየሁለት። ባትሪውን ነቅዬ ስልኩን ከፓወር ሰፕላይ አገናኘሁት፤ ቮልቱን የፈለግኩት ላይ የማቆመው ማሽን ነው። 3.8 ላይ አድርጌ ፍላሽና ቪዲዮ ለ10 ደቂቃ አስኬድኩት። ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ቮልቱን ቀስ እያልኩ ሳወርደው 3.3 ገደማ ላይ ሲደርስ ድርግም አለ። ሾፌሩ «እንዲህ ነው የሚያደርገኝ!» ብሎ ጮኸ። ቦርዱ ምንም አልሆነም፤ ቮልት ሲያንሰው ማድረግ ያለበትን ነው ያደረገው።

ቀጥሎ «አዲሱን» ባትሪ ፈተንኩት። ይህን የሚያደርግ ቴክኒሻን ጥቂት ነው፤ ዕቃው ግን ርካሽ ነው። ባትሪው ላይ ሸክም የሚሆን ባለ 2 ኦም፣ ባለ 10 ዋት ሪዚስተርና ቮልቱን የሚለካ መልቲሜትር ይበቃል። ባትሪው ሳይነካ 3.82 ቮልት አሳየ። መልቲሜትር ብቻ ብታደርጊበት «ሸጋ ነው» ትያለሽ፤ ብዙ ሱቅም እዚህ ላይ ነው የሚያቆመው። ሪዚስተሩን ለሦስት ሰከንድ ያህል ሳገናኘው ግን ወደ 3.40 ወረደ። 3.40ን ለ2 ኦም ስታካፍዪው 1.7 አምፔር ነው። የወረደው 0.42 ቮልት ነው። 0.42ን ለ1.7 ስታካፍዪው 0.25 ኦም ይመጣል። ይህ የአዲስ ባትሪ ቁጥር አይደለም። ከመደርደሪያዬ ላይ ለዚያው ሞዴል የሚሆን ደህና ባትሪ አንስቼ በዚያው ሪዚስተር ሳየው ከ3.82 ወደ 3.66 ብቻ ወረደ፤ 0.09 ኦም አካባቢ ማለት ነው።

የ«አዲሱን» ባትሪ ስቲከር በጥፍሬ ጫፉን ሳነሳው ከስሩ ሌላ ስቲከር አገኘሁ። ጠርዙ ያረጀ፣ ሙጫው ጥቁር የሆነ። ከሌላ አሮጌ ስልክ የወጣ ባትሪ አዲስ ልብስ ለብሶ ነው የተሸጠለት። ሾፌሩ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየውና «እኔ ደግሞ ባጃጄን ቀለም ቀብቼ ስሸጥ ሰው ይቆጣኛል» አለ።

ስለዚህ ባትሪ ስታስቀይሪ «ኦሪጅናል ነው» የሚለውን ቃል ተይው። ሁሉም ኦሪጅናል ነው ይላል። ይልቅ ባትሪው ከመገጠሙ በፊት አሳዩኝ በዪ። ማገናኛው ላይ ያሉት የወርቅ ቀለም ጥርሶች ከዚህ በፊት የተሰኩ ከሆነ ጭረት ይኖራቸዋል፤ አዲስ ላይ ያንጸባርቃሉ። ጀርባው ላይ የአሮጌ ማጣበቂያ ቅሪት መኖር የለበትም። ጎኑ ትንሽ እንኳ የተነፋ ከሆነ አትቀበዪው። በመጠን ከድሮው ባትሪሽ ጋር እኩል ሆኖ፣ የድሮው 4000 ሚሊአምፔር ሰዓት ሲል አዲሱ 6000 የሚል ከሆነም ሳቂና ተመለሺ። ሳይሰካ ቮልቱን ሲለኩት ከ3 በታች ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ መጋዘን ከርሟል ማለት ነው። ተቀምጦም ያረጃል፤ ባትሪ እንደ ቆሎ ነው፣ ሳይበሉትም ያረጃል። ሠሪው ሪዚስተር ካለው በፊትሽ ይፈትንልሽ። ከሌለው ከገጠመው በኋላ ያንን የቪዲዮና የፍላሽ ሙከራ እዚያው ቆመሽ አድርጊ፤ ግን ባትሪው 40 አካባቢ እያለ ይሁን። 90 ላይ ያረጀ ባትሪም ያልፋል፤ ቮልቱ ገና ከፍ ያለ ስለሆነ ብዙ የሚወርድበት ቦታ አለው።

እስክታስቀይሪ ድረስ አሰላ መሄድ ግድ ነው። ስልኩን ከውስጥ ኪስሽ አድርጊው፣ ገላሽ ያሙቀው። ፎቶ ከማንሳትሽ በፊት አውጪው እንጂ መጋዘን ደጃፍ ላይ አስቀምጠሽው አትጠብቂ። ፍላሹን ትተሽ ትንሽ የእጅ ባትሪ ያዢ። ይህች ብቻዋን ብዙ ትረዳሻለች። ፍላሹ የግድ ከሆነ መጀመሪያ ስልኩን በአውሮፕላን ሞድ አድርጊና አንሺ፤ ከዚያ መልሺው። ኔትወርክ በሳሳበት ቦታ ስልኩ ለአንቴናው ጮክ ብሎ መናገር ስላለበት አምፔር ይበላል። ሁለቱ ሸክሞች አንድ ላይ እንዳይመጡ ነው የምታደርጊው። ባትሪ ቆጣቢውን አብሪው፤ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ አይፎን ላይ እንዳልኩት ቮልቱን ያግዛል። ከአዳማ ስትነሺ ደግሞ ሞልተሽ ውጪ፤ 50 አካባቢ ሲደርስ ፓወርባንክ ሰክተሽ ሥሪ። በቴሌብር ክፍያ መሃል እንዳይጠፋብሽ ለዚያ ሰዓት ፓወርባንኩን አትንቀዪው።

ባትሪውን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጪው የሚል ሰው ካጋጠመሽ አትስሚው። አሰላ ያደረገውን ማቀዝቀዣው ደግሞ በባሰ ሁኔታ ያደርገዋል፤ ሲወጣ እርጥበት ያቋጥራል። ባትሪውን ከውጭ በከፍተኛ ቮልት «ጃምፕ» አድርገው የሚያስነሱም አሉ። ያረጀ ባትሪ ላይ ይህ የእሳት ጨዋታ ነው። የስልኩ የጀርባ ክዳን ከፍ ከፍ ካለ ወይም ስክሪኑ ከጠርዙ ከተነሳ ባትሪው አብጧል ማለት ነው። ያኔ ሙከራም፣ ቻርጅም የለም። አጥፊው፣ አትጫኚው፣ በስለት አትነካኪው፣ ቀጥታ ወደ ጥገና ውሰጂው።

ባትሪ ያልሆነበትም ጊዜ አለ፣ ቃል በገባሁት መሠረት። ቻርጀር ተሰክቶም የሚጠፋ ከሆነ፣ ወይም 90 ፐርሰንት ላይ በሙቀት ቦታ ምንም ሳትሠሪበት የሚጠፋ ከሆነ ባትሪውን ብቻ አትጠርጥሪ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ቀስ ብለሽ ስትመቺው የሚጠፋ ከሆነ የባትሪው ማገናኛ ላልቷል፤ ከወደቀ በኋላ የጀመረ ከሆነ በተለይ። ጠፍቶ ወዲያው ራሱ እየተነሳ የአርማውን ምስል ደጋግሞ የሚያሳይ ከሆነ የማብሪያው ቁልፍ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ውሃ ነክቶት ከነበረ ደግሞ መጀመሪያ ይህን ለሠሪው ንገሪው፤ ብዙ ሰው አፍሮ ይደብቀዋል፣ እኛም ሰዓታችንን በከንቱ እንጨርሳለን።

አዲሱ ባትሪ ከገባ በኋላ አዳማ ላይ ሞክረሽ ደስ አይበልሽ። አዳማ ላይማ አሮጌውም ይሠራ ነበር። ወደ አሰላ በምትወጪበት ቀን እስከ 40 ፐርሰንት ተጠቀሚበት፣ ያው መጋዘን ግቢ፣ በፍላሽ ሁለት ሦስት ፎቶ ደጋግመሽ አንሺ። ካልጠፋ አለቀ። ከጠፋ ግን ያወጡልሽን አሮጌ ባትሪም አዲሱንም ሳትጥዪ ስልኩን ይዘሽ ነይ፤ ሁለቱንም በሪዚስተሩ እናያቸዋለን።